በቤታችሁ ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ማነው?

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባንክ ቤት እሠራለሁ። እሱ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ባለሙያ ነው፤ በሺፍት ይገባል። አንዲት ልጅ አለችን። በቤት ሥራ ምክንያት ትዳራችን ክፉኛ የተንገራገጨበት ጊዜ ነበር። ያለፍንበትን የምጽፈው፣ ሁለቱም ሠርተው የሚገቡ ባልና ሚስት ይህን ጉዳይ ሳይጣሉ እንዲያነሱት ይረዳ ይሆናል ብዬ ነው። ባለቤቴ አንብቦታል። አንዳንዱንም ቦታ «እዚህ ጋ እኔ ያልኩት እንዲህ ነው» ብሎ አርሞልኛል።

ስንጋባ የቤት ሥራ አያጣላንም ነበር። ሁለታችንም ደክሞን እንገባለን፣ ያገኘነውን እንበላለን። እሱ ሽሮ አሳምሮ ይሠራል። ነገሩ የተለወጠው ልጅ ስትመጣ ነው፤ ምክንያቱም የማንም ክፋት አልነበረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። አባት የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ነው። እሱ ወዲያው ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እኔ ቤት ቀረሁ። ልጅቷ ሲርባት እንዴት እንደምታለቅስ፣ ሲያማት እንዴት እንደምታለቅስ የተማርኩት እኔ ነኝ። የክትባት ካርዱም እኔ ጋ ቀረ፤ 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንት፣ ከዚያ 9ኛ ወር፣ ከዚያ 15ኛ ወር። ቤት ስለሆንኩ ጤፉም፣ ወፍጮውም፣ ውሃውም፣ የጎረቤት ለቅሶውም ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ተገቢ ነበር።

ፈቃዴ አልቆ ባንክ ስመለስ ግን ከእነዚህ ሥራዎች አንዱንም እንደገና አልተከፋፈልነውም። «አሁንስ ማን ይያዘው?» ብለን አልተነጋገርንም። ልጅ ወልዳችሁ የእናትየው ፈቃድ ሊያልቅ የተቃረባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጥያቄ ሥራ ከመግባቷ በፊት አንሱት። በኋላ ከማንሳት በጣም ይቀላል። አንዴ ከተለመደ፣ የለመደው ሰው እንደ ተፈጥሮ ነው የሚያየው።

ብዙ ሰው የቤት ሥራ ሲባል የሚታየው ማጠብና ማብሰል ነው። እኔን ያደከመኝ እሱ ብቻ አይደለም። ካሽ እየቆጠርኩ ስለ ሊጥ አስባለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የማሳድረው። አብሲቱን ጥዬ ሊጡ ኩፍ ሲል መብራት ከጠፋ ደግሞ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የመብራቱን ሁኔታ፣ የብርዱን ሁኔታ፣ የእንጀራውን መጠን፣ የሱን ሺፍት በአንድ ጊዜ በጭንቅላቴ ይዤ እዞራለሁ። ያ ሁሉ ሲሆን እጄ ምንም አይሠራም። ከውጭ የሚያይ ሰው «ተቀምጣለች» ነው የሚለው።

ሌላም የማይታይ ሥራ አለ። እናቱ መንዝ ናቸው። ስልክ መደወሉ፣ መድኃኒታቸው ማለቁን መጠየቁ፣ ሰው ሲወጣ ስኳርና ቡና መላኩ የእኔ ነበር። ከወንድሙ ጋር በመሬት ጉዳይ ሲኮራረፉ በመሀል ሆኜ ቃል የማለዝበው እኔ ነኝ። ማታ ሺፍት አድሮ ቀን ሲተኛ ልጅቷን ዝም የማሰኘው፣ ተቆጥቶ ሲገባ ፊቱን አይቼ ወሬ የምመርጠው እኔ ነኝ። እዝን፣ ክርስትና፣ ሰርግ፣ ለማን ስንት እንደሚሰጥ፣ ባለፈው እነሱ ለእኛ ስንት እንደሰጡ የማስታውሰው እኔ ነኝ። የሰው ስሜት መጠበቅ ሥራ መሆኑን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። የሚደክመኝ ግን ከዚህ ነበር።

አንድ ማታ መታጠቢያው ላይ በቀረ የሻይ ብርጭቆ ተጣላን። ብርጭቆው ምክንያት ነው እንጂ ጠቡ ሲጠራቀም የቆየ ነው። ባለቤቴ ደንግጦ አንድ ነገር አለ፤ «ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ እረዳሽ ነበር።»

ከልቡ ነው ያለው። ብዙ ደግ ባሎች የሚሉት ይህንን ነው። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ንገሪኝ ማለት፦ አንቺ አስታውሺ፣ አንቺ ወስኚ፣ አንቺ እዘዢ፣ መሠራቱንም አንቺ አረጋግጪ፣ እኔ መሀል ያለችውን እሠራለሁ ማለት ነው። አሊሰን ዳሚንገር የምትባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ 35 ጥንዶችን አነጋግራ ይህን የማሰብ ሥራ በአራት ከፍላዋለች። ነገሩ ሊያስፈልግ መሆኑን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያ መፈጸሙን መከታተል። ውሳኔው ላይ ባልና ሚስት አብረው ይገኛሉ። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በብዛት ሴቷ ላይ ነው የሚወድቀው። አገሩ ሌላ ነው፤ ይህን ሳነብ ግን የራሴን ቤት ነው ያየሁት። ትምህርት ቤት ስንመርጥ አብረን ነው የወሰንነው። ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር ሲከታተል የቆየው፣ ፎቶና የልደት ካርድ ያዘጋጀው ግን አንድ ሰው ነው።

መፍትሔ ብለን የሞከርናቸውና ያልሠሩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኩርፊያ አይሠራም። እኔ ስዘጋው እሱ «ሥራ ቦታ አናደዷት» ብሎ ነበር የሚያስበው። ከማታ ሺፍት ሲገባ ማንሳትም አይሠራም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚሰማው ቃሉን አይደለም፣ ድምፁን ነው። ሽማግሌ መጥራት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ገና ነው። ሽማግሌዎቻችን የተጣላ በማስታረቅ የታወቁ ናቸው፤ ስለ ሊጥና ስለ ጀሪካን ቢጠሯቸው ግን አብዛኞቹ «ቻይው ልጄ፣ ትዳር ነው» ብለው ነው የሚነሱት። ባልም በሰው ፊት የተከሰሰ ይመስለውና ይብስበታል።

ሠራተኛም ቀጠርን። እጄ አረፈ፣ ጭንቅላቴ ግን አላረፈም። ምን እንደሚሠራ የምነግራት፣ ስትታመም የማሳክማት፣ ከቤተሰቧ ጋር የምነጋገረው፣ ማታ ትምህርት እንድትማር ሰዓት የማመቻችላት እኔ ነኝ። ለሥራዋ ተገቢውን መክፈል ግዴታ ነው። ገንዘቡ ካለ ቅጠሩ። ነገር ግን በባልና ሚስት መካከል ያለውን ክፍፍል ሠራተኛ አታስተካክለውም። ዘመድ ልጅ ከገጠር ማምጣትም እንደዚያው ነው፤ ሸክሙን ከአንድ ሴት አንስቶ ሌላ ልጅ ላይ ያስቀምጠዋል።

የሠራልን ነገር ቀጠሮ የተያዘለት ወሬ ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ምንም ጠብ በሌለበት፣ እንዲህ አልኩት። «እሁድ ከሰዓት ስለ ቤት ሥራ አንድ ላይ ቁጭ ብለን ብንነጋገር ደስ ይለኛል። የተቀየምኩህ ነገር የለም። ደክሞኛል፣ መላ እንፈልግ።» ቀድሞ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ሰው በድንገት ሲያዝ ራሱን ነው የሚከላከለው። እሁድን የመረጥነው እሱ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ነው። ከቤተ ክርስቲያን መጥተን፣ ምሳ በልተን፣ ልጅቷ እንቅልፍ ስትተኛ ጀመርን። ቡና አላፈላሁም። ቡና ካለ ጎረቤት ይመጣል፤ ደግሞም ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ ጽፌ ተለማምጄዋለሁ። እናንተም አድርጉት፤ የቀረው ወሬ መልክ የሚይዘው በእሱ ነው። «አንተ ምንም አታደርግም» ብዬ ብጀምር ኖሮ ያደረገውን ሁሉ መቁጠር ይጀምር ነበር፤ እውነትም ብዙ ያደርጋል። እኔ ያልኩት ይህ ነው፦ «ውሃ በሚመጣበት ሌሊት የምነቃው እኔ ነኝ። በማግስቱ ካሽ ስቆጥር እሳሳታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ይህን ብቻዬን መያዝ ከብዶኛል።» የሆነው ነገር፣ እኔ ላይ ያመጣው ጉዳት፣ የምፈልገው። ሦስቱም እሱን የሚወቅሱ አይደሉም። «ሁሌ»፣ «በፍጹም»፣ «እንደ እናትህ ቤት»፣ «የእገሊት ባል» የሚሉ ቃላትን ከአፋችሁ አታውጡ። አንዱ ብቻ ወሬውን ያበላሻል።

ከዚያ ወረቀት አወጣን። እያንዳንዳችን የምንሠራውን ለየብቻ ጻፍን፣ ከዚያ ተለዋወጥን። የሱንም መጻፉ ግድ ነው። የቤት ኪራይ፣ የዕድር ስብሰባ፣ የተበላሸ ሶኬት፣ የጋዝ ሲሊንደር ማስሞላት፣ የቤተሰቡን ወጪ መላክ፣ የማታ ሺፍት። አንዳንዱን እኔም ረስቼው ነበር፤ አመሰገንኩት። የእኔን ዝርዝር ሲያነብ ግን ዝም አለ። ብዙው «ማስታወስ» በሚል ነበር የሚጀምረው። ጤፍ ማለቁን ማስታወስ፣ ጾም መግባቱን ማስታወስ፣ የልጅቷ ጫማ እንደጠበባት ማስታወስ፣ በርበሬ ክረምት ሳይገባ መዘጋጀቱን ማስታወስ። «ይሄ ሁሉ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው እንዴ?» አለኝ።

በዚያ ቀን ዝርዝሩን ሁሉ ለመከፋፈል አልሞከርንም። አንድ ነገር ብቻ መረጥን፤ ውሃ። ይህን አጥብቄ የምመክረው ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ካነሳችሁ፣ ባልየው ሕይወቱ በሙሉ የተወገዘ ይመስለዋል፤ ሚስትም ከሁሉም አንድም ሳታገኝ ትነሳለች። የምትመርጡት ሥራ መጨረሻው በግልጽ የሚታይ ይሁን። ውሃ አለ ወይም የለም፤ ክርክር የለውም።

ውሃን ስንከፍተው ግን ጀሪካን መሙላት ብቻ አልነበረም። ሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። አንደኛ፣ የፈረቃው ቀን ሲለወጥ ከጎረቤት መስማት አለ። ሁለተኛ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ስንት ጀሪካን እንደቀረ ማየት አለ፤ ልብስ ማጠብ የሚቻለው በዚያ ነው። ሦስተኛ፣ በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ቀድሞ ማጠብ። አራተኛ፣ ሌሊት መንቃት፣ ቧንቧው መጀመሪያ ላይ የሚያወርደውን ድፍርስ ማፍሰስ፣ መሙላት፣ መክደን። አምስተኛ፣ እሱ ማታ ሺፍት በሚሆንበት ሳምንት ማን እንደሚቀዳ አስቀድሞ መጨረስ። እሱ እስከዚያ ቀን የሚያውቀው አራተኛውን ነው፤ እሱንም ስቀሰቅሰው። አሁን አምስቱም የእሱ ሆኑ። እኔ አላስታውስም፣ አልቀሰቅስም፣ አልጠይቅም።

ምን ያህል ውሃ በቂ እንደሆነም ያኔውኑ ተስማማን። በርሜሉ ሙሉ፣ ከዚያ በተጨማሪ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ለብቻ፣ ክዳናቸው የታጠበ። ይህን ካላወራችሁ በኋላ «እንዲህ ነው እንዴ የሚሞላው?» ብላችሁ ትነቅፋላችሁ፤ ሥራውም ተመልሶ እጃችሁ ይገባል። ከተስማማችሁበት በላይ ደግሞ አትጠይቁ። እሱ ጀሪካኖቹን እኔ በማላስቀምጥበት ኮሪደር ላይ ይደረድራቸዋል። አሁንም እዚያው ናቸው።

ከባዱ ጊዜ የመጣው እሱ የረሳ ዕለት ነው። ሌሊት ውሃው ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ነቃሁ። እሱ ተኝቷል። ተነስቼ ልቅዳው፣ ወይስ ልተኛ? የምር ታገልኩ። የልጅ ወተት የሚፈላበት ውሃ እንዳለ አውቅ ስለነበር ተኛሁ። ጠዋት ሲነሳ በርሜሉ ባዶ ነው። አልተናገርኩም፣ ፊቴንም አላጠቆርኩም። እሱ ራሱ ወጥቶ በጋሪ ከሚያመላልስ ልጅ ገዝቶ አስመጣ፤ ለሥራም ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ላይ አላርም ይሞላል። ያን ሌሊት ብነሳ ኖሮ ውሃው እስከ ዛሬ የእኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ዝም ማለት የሚገባው ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነገር ላይ ነው። ክትባትን፣ መድኃኒትን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣትን በዚህ መንገድ አይፈተንም። እነሱን ስታስተላልፉ ለተወሰነ ጊዜ ሁለታችሁም ያዙት።

ውሃው መስመር ሲይዝ ሁለተኛውን ወሬ ጀመርን፤ የእሱን ቤተሰብ ጉዳይ። ይህ ከውሃው ይከብዳል። የሚሞላ በርሜል የለውም፤ ደግሞ «እናቴን አትወጃትም ማለት ነው?» የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል። ስለዚህ በእሱ ጀመርኩ። «እማማን እወዳቸዋለሁ፣ መደወሌንም አልተውም። ግን የመድኃኒታቸውንና የሚላክላቸውን ነገር የሚከታተል ልጃቸው ቢሆን ነው የሚያምረው። ከወንድምህም ጋር ራስህ ብትነጋገር።» የመድኃኒቱን ክትትል ያለ ችግር ወሰደው። ከወንድሙ ጋር ግን ለረጅም ጊዜ ተዘጋጉ፤ እኔ መሀል ስላልገባሁ። በጣም ጨነቀኝ። በኋላ ተገናኝተው አወሩ። አሁንም የሞቀ ፍቅር የላቸውም፤ ግን የማላውቀው ጠብ ውስጥ አልገባም።

እማማ ሊጠይቁን ከመንዝ ወርደው የመጡ ጊዜ ልጃቸው የልጅቷን ልብስ ሲዘፈዝፍ አገኙት። ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ። እኔ አልመለስኩም። ይህን ቀድመን ተነጋግረንበት ነበር፤ ለእሱ ዘመድ የሚያስረዳው እሱ፣ ለእኔ ዘመድ የማስረዳው እኔ። እጁን ከውሃው ሳያወጣ «እማማ፣ እሷም እንደኔ ከሥራ ነው የገባችው። እሷ ወጥ ይዛለች፣ እኔ ልብስ» አላቸው። እማማ «ይሁና» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳሙናው እንደበዛበት ነገሩት። ያን መልስ እኔ ብሰጥ ኖሮ በመንዝ ዘመድ ሁሉ ዘንድ ባሏን የምታሠራ ተብዬ እቀር ነበር።

በወሬ መሀል ነገሩ ሊግል ይችላል፤ እኛንም ገጥሞናል። የእኔ ምልክት ድምፄ ይቀጥናል፤ እሱ መልስ ያቆምና ስልኩን ያነሳል። ያኔ ማቆም ነው። ግን ዝም ብሎ ጥሎ መውጣት ሌላውን ያቃጥላል። እኛ «አሁን ግሏል፤ ልጅቷን አስተኝተን እንመለስበት» እንላለን። የመመለሻ ሰዓቱን የሚናገረው ያቆመው ሰው ነው። የጥንዶች አማካሪዎች ቢያንስ 20 ደቂቃ እረፍት ይመክራሉ፤ ደሙ የፈላ ሰው ከዚያ በፊት ልቡ አይመለስም። በእረፍቱ ጊዜ የክርክር መልስ ማዘጋጀት ሳይሆን ሌላ ነገር መሥራት ነው። እኔ ሰፈሩን አንድ ዙር እዞራለሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ያበርዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ሳይፈሩ መናገር ሲችሉ ነው። ባልሽ የሚማታ ከሆነ፣ ደመወዝሽን የሚቀማ ከሆነ፣ ሐሳብ በማንሳትሽ የሚያስፈራራሽ ከሆነ፣ የሚያስፈልግሽ የተለሰለሰ አነጋገር አይደለም። መጀመሪያ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ የወረዳውን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስንም አነጋግሪ። እዚህ የጻፍኩትን ሞክሬ አልሠራልኝም ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ።

አሁን ደመወዝ በሚገባበት ሳምንት እሁድ ከሰዓት ወረቀቱን እናወጣለን። ማን ምን እንደያዘ፣ የትኛው እንደከበደ፣ የትኛው መቀያየር እንዳለበት እናያለን፤ ልጅቷ ከእንቅልፏ ሳትነሳ ያልቃል። አንዳንዴ ከእኔ ወደ እሱ፣ አንዳንዴ ከእሱ ወደ እኔ ይዞራል፤ ጋዝ ማስሞላቱን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንጀራ እሱ አይጋግርም፣ እኔም በሥራ ቀን መጋገር ትቻለሁ፤ ከጎረቤት እንገዛለን፣ የሚያዘውና የሚያመጣው እሱ ነው። እዝንና ክርስትና ግን እስካሁን እኔው ጋ ነው፤ ሁለት ጊዜ አንስተነው አልተቋጨም። ከፊታችን ደግሞ በርበሬ አለ። መግዛቱን፣ ማስጣቱን፣ ቅመሙን፣ ወፍጮውን ቆጥረን ጽፈነዋል። በሚቀጥለው እሁድ ከላይ የምናነሳው እሱን ነው።